ኖታ ሳይጻፍ ለሁለት መዝፈን፦ ሁለተኛዋ ድምፅ የቱን ትያዝ?

«እኔና ታናሽ እህቴ በሰርግና በልደት ላይ አብረን እንዘፍናለን። ኖታ አናነብም። እሷ ዜማውን ትይዛለች፣ እኔ ከሥር ሁለተኛ ድምፅ እሞክራለሁ። ኪቦርድ የሚመታልን ልጅ ‹ከእሷ ድምፅ አራት ቁልፍ ወደ ታች ቆጥረሽ ያዢ፣ ሰርድ ማለት እሱ ነው› አለኝ። አንዳንድ ቦታ ያምራል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ጆሮ ይቧጥጣል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ዘፈኑ ያላለቀ ይመስላል። ትዝታ ስንዘፍንማ ጭራሽ ይበላሻል። ችግሩ ጆሮዬ ነው ወይስ ሌላ?»

ጆሮሽ ደህና ነው። የሻከረውን ቦታ የለየልሽ እሱ ነው። የተሳሳተው አቆጣጠሩ ነው።

ሦስተኛ ወይም ሰርድ የሚባለው ርቀት የሚቆጠረው በኪቦርድ ቁልፍ ብዛት አይደለም። በስኬሉ ደረጃዎች፣ ማለት ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ በሚለው የድምፅ መሰላል ነው። እህትሽ ሶል ላይ ከሆነች፣ ሶልን አንድ ብለሽ፣ ፋን ሁለት፣ ሚን ሦስት ትያለሽ። ሚ ያንቺ ነው። እሷ ፋ ላይ ከሆነች ያንቺ ሬ ነው። ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ትዘያለሽ፣ የሚቀጥለውን ትይዣለሽ። ችግሩ የስኬሉ ደረጃዎች እኩል አለመሆናቸው ነው። ከሚ እስከ ፋ እና ከሲ እስከ ዶ ግማሽ ድምፅ፣ ማለት ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሙሉ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ በጥቁርም በነጭም ቁልፍ ብትቆጥሪ፣ ከሚ ወደ ዶ አራት ግማሽ ድምፅ ታገኛለሽ፤ ከሶል ወደ ሚ ግን ሦስት ብቻ። የመጀመሪያው ትልቅ ሦስተኛ፣ ሁለተኛው ትንሽ ሦስተኛ ይባላል።

አሁን የልጁን ምክር በሰባቱም ድምፆች ላይ ፈትኚው። እህትሽ ሚ፣ ላ ወይም ሲ ላይ ስትሆን አራት ቁልፍ ወደ ታች ብትቆጥሪ ትክክለኛው ቦታ ትደርሻለሽ፤ ዶ፣ ፋ እና ሶል ይሆናል። ያማረልሽ እዚህ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ፋ ወይም ሶል ላይ ስትሆን ግን አራት ቁልፍ ከስኬሉ ያስወጣሻል። ሶል ላይ ሆና አራት ብትቆጥሪ የምታርፊው ከሚ በግማሽ ድምፅ የወረደ ጥቁር ቁልፍ ላይ ነው። ያ ድምፅ በዘፈናችሁ ውስጥ የለም። ጆሮሽን የቧጠጠው እሱ ነው። ከሰባት ድምፅ በአራቱ መሳሳት ማለት ከግማሽ በላይ ነውና፣ ይህን ዘዴ ዛሬውኑ ተዪው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በትክክል ብትቆጥሪም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስተኛን ብቻ ይዞ መሄድ አይሠራም። መጨረሻው ያላለቀ የመሰለሽም ለዚህ ነው። ብዙ ዘፈን የሚያርፈው ዶ ላይ ነው። እህትሽ ዶ ላይ ስታርፍ በደረጃ ብትቆጥሪ ላ ላይ ትደርሻለሽ። ዶ እና ላ አብረው ሲሰሙ አይሻክሩም። ግን ላ ከሥር ሲገባ ጆሮ ቤቱ ዶ መሆኑን ይጠራጠራል፤ ዘፈኑ ወደ ማይነር የዞረ ይመስለዋል። ኪቦርዱ በዚያው ሰዓት የዶን ኮርድ፣ ማለት ዶ ሚ ሶልን በአንድ ላይ፣ እየመታ ከሆነ ደግሞ፣ ያንቺ ላ ኮርዱ ውስጥ ካለው ሶል ጎን ገብቶ ይጋፋል። ስለዚህ ርቀቱ ትክክል ሆኖ ቦታው ስህተት ሊሆን ይችላል።

ቦታውን የሚወስነው ኮርዱ ነው። በዚህ አትደንግጪ። በሜጀር ስኬል የሚዘፈኑ አብዛኞቹ ቀላል ዘፈኖች ሦስት ኮርድ ይበቃቸዋል። የዶ ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። የሶል ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። በእያንዳንዱ ኮርድ የመጀመሪያውን መሠረት፣ ሁለተኛውን መካከለኛ፣ ሦስተኛውን ላይኛ እንበላቸው።

ስድስተኛ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልግሽ። ስድስተኛ ሌላ እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ፤ የተገለበጠ ሦስተኛ ነው። እህትሽ ዶ ላይ ናት እንበል። ከእሷ በላይ ያለው ሦስተኛ ሚ ነው። ያንን ሚ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለት እስከሚቀጥለው የታችኛው ሚ ድረስ፣ አውርደሽ ከእሷ ሥር ብታስቀምጪው፣ በእሷና ባንቺ መካከል ያለው ርቀት ስድስተኛ ይሆናል። ድምፁ ያው ሚ ነው፤ የተቀመጠው ግን ከታች ነው። ስለዚህ እህትሽ በየትኛውም ድምፅ ላይ ብትሆን ሁለት ምርጫ አለሽ። ዶ ላይ ከሆነች ወይ ላ ወይ የታችኛው ሚ። ሶል ላይ ከሆነች ወይ ሚ ወይ የታችኛው ሲ። ሬ ላይ ከሆነች ወይ ሲ ወይ የታችኛው ፋ። በእያንዳንዱ ጥንድ የመጀመሪያው ሦስተኛ፣ ሁለተኛው ስድስተኛ ነው።

ከሁለቱ የትኛውን? ለተማሪዎቼ የምሰጠው ደንብ አንድ ነው፦ የኮርዱን መካከለኛ ያዢ። እህትሽ መሠረቱ ላይ ከሆነች፣ መካከለኛው ከእሷ በስድስተኛ ሥር ይገኛል። ላይኛው ላይ ከሆነች፣ መካከለኛው ከእሷ በሦስተኛ ሥር ይገኛል። እሷ ራሷ መካከለኛው ላይ ከተቀመጠች ደግሞ መሠረቱን ያዢ፤ እሱ ከእሷ በሦስተኛ ሥር ነው። የዶ ኮርድ ላይ ሆና ዶ ብትል አንቺ ሚ ትያለሽ፣ ሶል ብትል አሁንም ሚ፣ ሚ ብትል ዶ። የፋ ኮርድ ላይ ሆና ዶ ብትል ግን ያንቺ ላ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ዶ ላይኛው ነው፣ መካከለኛው ደግሞ ላ። አንድ ዶ በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ጓደኛ አለው። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ደንቡ የሚሠራው ዜማው ረገጥ ብሎ በሚቆምባቸው ድምፆች ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ብቻ የምትነካቸው አጫጭር ድምፆች ላይ ኮርድ አትፈልጊ። የያዝሽውን ርቀት ሳትለቂ አብረሻት ተራመጂ።

አሁን አንድ ዜማ ይዘን እንሥራው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የሠራሁት አራት ስንኝ ያለው ቀላል ዜማ ነው። እህትሽ የምትለው ይህን ነው፦

ሚ ፋ ሶል ሶል
ላ ሶል ፋ ሚ
ሚ ሬ ሬ ሶል
ሶል ፋ ሬ ዶ

የመጀመሪያው ስንኝ የዶ ኮርድ ላይ ነው። ሚ መካከለኛው ነው፤ ስለዚህ አንቺ መሠረቱን ዶን ትይዣለሽ። ፋ መሸጋገሪያ ነው፤ አብረሽ ወደ ሬ ትወጫለሽ። ሶል ላይኛው ነው፤ መካከለኛው ሚ ያንቺ ነው። ዶ ሬ ሚ ሚ ሆነ። ሁለተኛው ስንኝ የሚነሳው ከፋ ኮርድ ነው። ላ መካከለኛው ስለሆነ ያንቺ ፋ ነው። ከዚያ ኪቦርዱ ወደ ዶ ኮርድ ይመለሳል፤ አንቺም ሚ ሬ ዶ እያልሽ ትወርጃለሽ። እስካሁን ሁሉም ሦስተኛ ነው፣ ምንም ችግር የለም።

ሦስተኛውን ስንኝ በደንብ አስተውዪው። ሚ ላይ ዶ ትያለሽ። ከዚያ የሶል ኮርድ ይመጣል። ሬ ላይኛው ነው፤ መካከለኛው ሲ ያንቺ ነው፣ ከዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ የወረደው ሲ። ሁለቱም ሬ ላይ ሲ ነሽ። ከዚያ እህትሽ ወደ ሶል ትዘላለች፤ ኮርዱ ግን አልተቀየረም። ሦስተኛ ብለሽ ቆጥረሽ ሚ ብትይ ከሶል ኮርድ ጋር ትጋጫለሽ። መካከለኛውን ያዢ ካልን ደግሞ ያው ሲ ነው። ስለዚህ አትንቀሳቀሺ። እሷ ትዝለል፣ አንቺ ሲ ላይ ቁሚ። ሳትነቃነቂ ከሦስተኛ ወደ ስድስተኛ ተሻገርሽ።

ይህ ለመሻገር ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው፦ ዜማው ወደ ላይ ሲዘል አንቺ ባለሽበት መቆየት። ሁለተኛው ጥሩ ቦታ በሁለት ስንኝ መካከል፣ ትንፋሽ ስትወስዱ ነው። ዜማው በደረጃ እየተራመደ ሳለ ግን አትሻገሪ። እሷ አንድ እርምጃ ስትሄድ አንቺ አራትና አምስት ደረጃ ከዘለልሽ የአድማጩ ጆሮ ወዳንቺ ይዞራል፤ ሁለተኛ ድምፅ ደግሞ ዜማውን መደገፍ እንጂ መሸፈን የለበትም።

አራተኛው ስንኝ ስድስተኛ ላይ ሆነሽ ይጀምራል። ሶል ላይ ሲ ነሽ። ፋ መሸጋገሪያ ነው፤ ርቀቱን ሳትለቂ ወደ ታችኛው ላ ትወርጃለሽ። ሬ ላይ ደንቡ ሲን ያዢ ይልሻል። እዚህ ግን ደንቡን እናልፈዋለን። ወደ ሲ ተመልሰሽ ብትወጪ፣ ለማረፍ ደግሞ ወደ ታችኛው ሚ ትልቅ ዝላይ ይጠብቅሻል። ከዚያ ይልቅ መውረድሽን ቀጥለሽ የታችኛውን ፋ ያዢ። ፋ በሶል ኮርድ ላይ ሲጨመር ወደ ሚ ለመውረድ የሚጎትት ድምፅ ነው፤ ሙዚቀኞች ሰባተኛ የሚሉት እሱን ነው። እህትሽ ከሬ ወደ ዶ ስትወርድ አንቺም ከፋ ወደ ሚ ትወርጃለሽ። ዘፈኑ በትክክል ያልቃል። ያንቺ መስመር ባጠቃላይ ይህ ነው፦

ዶ ሬ ሚ ሚ
ፋ ሚ ሬ ዶ
ዶ ሲ ሲ ሲ
ሲ ላ ፋ ሚ

ለብቻሽ ዝፈኚው። ራሱን የቻለ ዜማ ሆኖ ይሰማል። ሁለተኛ ድምፅ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ለብቻው ሲዘፈን እዚህና እዚያ የሚንጦለጦል ከሆነ፣ በመድረክ ላይ አታስታውሺውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ያንቺ መስመር ከላይኛው ፋ እስከ ታችኛው ሚ ይወርዳል፤ ዘጠኝ ደረጃ ነው። ዶን ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች ግራ ያለው ነጭ ቁልፍ፣ ያውም የኪቦርዱ መሃል ላይ ያለው፣ ካደረጋችሁት የመጨረሻው ሚ ለአብዛኛዋ ሴት ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዶ የት ቁልፍ ላይ እንደሚሆን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ዜማ ያዡ ነው፤ ለሁለት ሲዘፈን ግን ይህ ልማድ መለወጥ አለበት። መጀመሪያ ያንቺን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ ፈትኚ፤ ከዚያ ዘፈኑን አስነሱት። ለዚህ ዜማ ዶን ከሦስቱ ጥቁር ቁልፎች ግራ ወዳለው ነጭ ቁልፍ ብታወጡት፣ ኤፍ ማለት ነው፣ ያንቺ ዝቅተኛ ድምፅ ለሴት ምቹ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ እህትሽም አትቸገርም። ያ ደግሞ ለእሷ ከፍ ካለ፣ መዝጊያው ላይ ወደ ስድስተኛ አትውረጂ። አራተኛውን ስንኝ ሲ ሬ ሲ ዶ ብለሽ ዝጊው። ሁለታችሁም አንድ ዶ ላይ ትገናኛላችሁ። ከስድስተኛው መዝጊያ ይልቅ ሳሳ ይላል እንጂ ስህተት አይደለም።

ከወንድ ጋር ለምትዘፍኑ ሴቶች ነገሩ ይገለበጣል። ሴቷ ዜማውን ስትይዝ ሦስተኛ ከሥር ያለው ድምፅ ለአብዛኛው ወንድ ከፍ ይልበታል፣ ይጮኻል። ስድስተኛ ግን ልኩ ነው። እዚያ ስድስተኛውን ዋና፣ ሦስተኛውን አልፎ አልፎ አድርጉት።

ኮርዱን በምን ላውቅ ካልሽ፣ ኪቦርድ መቺው ያውቃል። የግጥሙን ወረቀት ስጪውና ኮርድ የሚቀይርበትን ቃል በእስክሪብቶ ያስምርልሽ። ኪቦርድ ከሌለ፣ እህትሽ ስንኙን በዝግታ ስትዘፍን አንቺ ከሥር ዶን ብቻ ረዘም አድርገሽ አንጎራጉሪ። ከዚያ ያንኑ ስንኝ በፋ፣ ከዚያ በሶል ሞክሪው። ከሦስቱ አንዱ ሲገጥም ዜማው መቀመጫ ያገኛል፤ ሁለቱ ሲያንገዋልሉት ትሰሚያለሽ። ይህ መንገድ ቀስ ይላል እንጂ ይረዳል።

ወደ ትዝታ እንምጣ። እዚህ እስካሁን ያልኩት ደንብ እንዳለ አይሠራም። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ እና ሲ የሉም። ሦስተኛ ስትፈልጊ ከአምስቱ በሁለቱ ላይ የምትደርሽው ከእነዚህ ከሌሉት ላይ ነው። ላ ሥር ያለው ሦስተኛ ፋ ነው። ሬ ሥር ያለው ሲ ነው። እነዚህን ስትጨምሪ የሻከረ ነገር አትሰሚም፤ ግን ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ቅኝቱን ቅኝት ያደረገው የሌሉት ድምፆች ጭምር ናቸው። «ጭራሽ ይበላሻል» ያልሽው ይህን መሆን አለበት።

አንድ ደረጃ ዝለይ የሚለውም እዚህ ያታልላል። በአምስቱ ድምፆች መካከል አንድ እየዘለልሽ ብትቆጥሪ ከሚ ወደ ዶ ብቻ ሦስተኛ ይሆናል። የቀሩት አራቱ ሁሉ አራተኛ ናቸው። አራተኛ አይጠላም፤ ተከታትሎ ሲመጣ ግን ባዶ ባዶ ይላል።

ታዲያ የትኞቹ ሦስተኛዎች ትዝታ ውስጥ አሉ? ሦስት ናቸው፦ ዶ ከላ በላይ፣ ሚ ከዶ በላይ፣ ሶል ከሚ በላይ። ስለዚህ እህትሽ ሚ ስትል ዶ፣ ሶል ስትል ሚ፣ ዶ ስትል ላ ወይም በስድስተኛ የታችኛው ሚ ትይዣለሽ። ላ ስትል ሦስተኛ የለሽም፤ ስድስተኛው ግን አለ፣ ዶ ነው። ብቸኛዋ አስቸጋሪ ሬ ናት። ሬ በትዝታ ውስጥ ሦስተኛም ስድስተኛም የላትም። በአራተኛ ላ ወይም በአምስተኛ ሶል ትይዥላታለሽ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ትንሽ ሐረግ እንውሰድ። እህትሽ ሶል ላ ሶል ሚ፣ ከዚያ ሬ ሚ ሬ ዶ ትላለች። አንቺ በመጀመሪያው ግማሽ ሚ ሚ ሚ ዶ ትያለሽ። ላ የተነካችው በሁለት ሶል መካከል ስለሆነ ሚ ላይ መቆየትሽ ይበቃል። በሁለተኛው ግማሽ ላ ዶ ላ ዶ፤ ላ የታችኛው ነው። መጨረሻው ላይ ሁለታችሁም ዶ ላይ ትገናኛላችሁ። ትዝታን አንድ ድምፅ ሆኖ መዝጋት ያምርበታል፤ ከስድስተኛው ይልቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ትዝታ ማይነር ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሦስቱ ሦስተኛዎች በቦታቸው አሉ፤ ከላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል፣ ከአንድ ነገር በቀር። ሬ ሥር የወረደውን ላ እንዳትይዢ። ርቀቱ ስድስት ግማሽ ድምፅ ይሆናል፤ የኦክታቭ ትክክለኛ ግማሽ ነው፣ በጣም ይጎረብጣል። እዚያ ሬ ስትመጣ ሁልጊዜ ሶልን ያዢ። ስለዚህ የሁለተኛው ግማሽ መስመር ሶል ዶ ሶል ዶ ይሆናል።

ክራር የሚመታ ሰው በአጠገብሽ ካለ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ክራሩ በትዝታ ተቃኝቶ እያለ የመረጥሽውን ድምፅ ገመዶቹ ላይ ፈልጊው። በክፍት ገመድ ከላይ ወይም ከታች ኦክታቭ ከሌለ አትያዢው። ሌላው ደግሞ ቅላጼ ነው። እህትሽ ድምፅዋን ስታዞርና ስታንቀጠቅጥ አትከተያት። ሁለት ሰው አንድ ቅላጼ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ አይችልም፤ ይደፈርሳል። ዋናውን ድምፅ ቀጥ አድርገሽ ያዢና እሷ ስትመለስ ተቀበያት።

አንቺሆዬ ላይ ግን ይህን ሁሉ አትሞክሪ። ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ የተጠጋጉና እርስ በርስ የሚጋፉ ስለሆኑ ሦስተኛ እየቆጠሩ መሄድ ዜማውን ያፈርሰዋል። አንድ መሠረት ድምፅ ረዘም አድርጎ መያዝ ወይም አብሮ በአንድ ድምፅ መዝፈን ይሻላል። የያሬድ ዜማም በአንድ ድምፅ የሚዜም ሥርዓት ነው፤ እዚያ ሁለተኛ ድምፅ አይገባም። ድምፅ ደራርቦ መዝፈን በአገራችን የለም ማለቴ ግን አይደለም። ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ አነባብረው ይዘፍናሉ፤ የእነሱ አደራረብ ግን በሦስተኛና በስድስተኛ የሚመራ ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው ነው።

አሁን ያለ ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ። ሁለተኛ ድምፅ የሚጠፋው በአብዛኛው አንድ ስህተት ስለሚሠራ ነው፦ ሰው ዜማውን እየሰማ በላዩ ላይ ይማረዋል። እንዲህ ሲሆን በየድምፁ «አሁን የት ልሂድ?» ብለሽ እህትሽን ትጠብቂያለሽ። ትዘገያለሽ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዜማ ተስበሽ ትገቢያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ያንቺን መስመር ለብቻው ተማሪው። በዶ ሬ ሚ በዝግታ፣ ከዚያ በግጥሙ። እንጀራ ስትጋግሪም ሆነ ታክሲ ስትጠብቂ እንደ ማንኛውም ዘፈን ልታንጎራጉሪው እስክትችዪ ድረስ ከእህትሽ ጋር አትገናኚ። ከዚያ የእሷን ዜማ በስልክሽ ቅጂና በዝቅተኛ ድምፅ ከፍተሽ አብረሽ ዝፈኚ። መስመርሽ ካልተናወጠ ድምፁን ጨምሪው። በመጨረሻ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ዝፈኑ። በስልክ የቻልሽውን በአካል ካልቻልሽ፣ መስመሩ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

አነሳስሽን ለዕድል አትተዪው። ከላይ ባለው ዜማ እህትሽ በሚ ትነሳለች፣ አንቺ በዶ። ኪቦርዱ ሲጀምር የእሷን ሚ በሆድሽ ስሚና ሚ ሬ ዶ ብለሽ ውረጂ። መነሻሽ ተገኘ። ይህን ለእያንዳንዱ ዘፈን አስቀድመሽ እወቂው፦ እሷ በምን ትነሳለች፣ እኔ በምን? መሃል ላይ ከጠፋብሽ ደግሞ በግምት አትፈልጊ። ወደ እህትሽ ዜማ ግቢ፣ እስከ ስንኙ መጨረሻ አብረሻት ዝፈኚ፣ በሚቀጥለው ትንፋሽ ወደ ቦታሽ ተመለሺ። አድማጭ ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ይመስለዋል።

ስለ ድምፁ ጥራት አንድ ነገር ልጨምር። ያለ መሣሪያ ስትዘፍኑ ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቁሙ። በሁለቱ ድምፆች መካከል ፈጣን መንቀጥቀጥ ከሰማችሁ አልገጠመም። አንቺ ብቻ ድምፅሽን በጣም በትንሹ ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ እህትሽ ትቁም። የሆነ ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ ይቆምና ሁለቱ ድምፆች ይዋሃዳሉ። ያ ቦታ ከኪቦርዱ ትንሽ ይለያል። የኪቦርድ ትልቅ ሦስተኛ ከንጹሑ ሦስተኛ የግማሽ ድምፅ አንድ ሰባተኛ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ለብቻችሁ ስትሆኑ ጆሮን፣ ኪቦርድ ሲኖር ኪቦርዱን ተከተሉ። ሁለቱን በአንድ ዘፈን አትቀላቅሉ።

ይህ ዘዴ የማይደርስበት ዘፈን አለ። መሃል ላይ ዶው ወደ ሌላ ቁልፍ የሚዛወርበት፣ ኮርዱ በየምቱ የሚለዋወጥ ወይም ከስኬል ውጭ ያሉ ድምፆች የበዙበት ከሆነ በጆሮ ብቻ አትግፉት። የሚያውቅ ሰው መስመሩን ዘፍኖ ይቅዳላችሁና ከቅጂው ተማሩት፤ ካልሆነም አዝማቹን ብቻ ለሁለት፣ ሌላውን በአንድ ድምፅ ዝፈኑ።

እንዲያውም ኮርዱ ቀላል በሆነ ዘፈንም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ዙር በአንድ ድምፅ ዝፈኑ፤ አድማጭ ዜማውን ይወቀው። አዝማቹ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ይግባ። ከእህትሽም ትንሽ ዝቅ ብለሽ ዝፈኚ። ሥራውንም ከትዝታ አትጀምሪ። ከሦስት ኮርድ የማይበልጥ አንድ የሜጀር ዘፈን ምረጪ፣ ኮርድ የሚቀየርባቸውን ቃላት አስምሪ፣ ዜማው ረገጥ ብሎ የሚቆምባቸው ድምፆች ላይ መካከለኛውን ያዢ፣ መሻገሪያ ቦታሽን አንድ ብቻ አድርጊ። እሱ ሳይናወጥ ሲወጣልሽ ወደ ትዝታው ተመለሺ፤ እዚያ ደግሞ ከሬ ጀምሪ፣ ምክንያቱም የምትጠፊው ሁልጊዜ እሷ ላይ ነው።